የእራቱ ሳህንና የድግሱ ሳህን፦ የካሎሪ ልዩነቱ በትክክል ስንት ነው? (የምላሽ ጽሑፍ)

ምላሽ የምንሰጠው ለሚከተለው ጽሑፍ ነው፦ «በጥቂት ዘይት የተጠበሰ 150 ግራም የዶሮ ደረት፣ 200 ግራም ቅቅል ድንችና 200 ግራም ቅቅል አትክልት ያለው ክብደት መቀነሻ እራት 490 ካሎሪ ነው። የድግስ ሳህን ግን 250 ግራም የበግ ጥብስ፣ 250 ግራም ሩዝ በ20 ግራም ቅቤ፣ 150 ግራም የድንች ሰላጣ በማዮኔዝ፣ ዳቦ፣ ኬክና ግማሽ ሊትር ለስላሳ ይዞ 2,925 ይደርሳል። ይህን የ2,435 ካሎሪ ልዩነት የሚያመጡት ሩዝና ዳቦ ናቸው። እነሱን ትቶ ስጋና ሰላጣ የበላ ሰው ከእራቱ ብዙም አይርቅም። በማግስቱ ሚዛን ላይ የሚታየው የአንድ ኪሎ ተኩል ጭማሪ ልዩነቱ ወደ ስብ ተለውጦ ነው። ማካካሻው አንድ ቀን ሙሉ ምንም አለመብላት ነው።»

ሁለቱን ሳህኖች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስላት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጽሑፉ የመረጣቸው ምግቦችና መጠኖችም በብዙ ገበታ ላይ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ሌላ ሳህን ሳንፈጥር በጽሑፉ ሳህኖች ላይ እንቆያለን። ችግሩ ያለው በሂሳቡና ከሂሳቡ በተወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ

በመላው ምላሻችን የምንጠቀመው የተለመደውን ስሌት ነው፦ ለአንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ ለአንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ ለአንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ። የምግብ ሰንጠረዦች ለእያንዳንዱ ምግብ ትንሽ የተለየ ማባዣ ስለሚጠቀሙ ከዚህ ስሌት በጥቂት ካሎሪ ቢለያዩ ግር አይበል።

እራቱን እንይ። የበሰለ፣ ቆዳ የሌለው 150 ግራም የዶሮ ደረት 46 ግራም ያህል ፕሮቲንና 5 ግራም ስብ አለው፤ ይህ 229 ካሎሪ ነው። ድንቹ በ40 ግራም ካርቦሃይድሬትና በ4 ግራም ፕሮቲን 176 ይሰጣል። አትክልቱ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም 85 አካባቢ ነው። እስከዚህ ድረስ ድምሩ 490 ይመጣል፤ ይህም የጽሑፉ ቁጥር ራሱ ነው። የቀረው ነገር ዘይቱ ነው። «ጥቂት ዘይት» ተብሎ ተጽፎ ሳይቆጠር ታልፏል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ግራም ያህል ብቻ ነው ብንል እንኳ 45 ካሎሪ ይጨምራልና እራቱ 535 ይሆናል። ዘይቱ ከጠርሙሱ በቀጥታ መጥበሻ ላይ ከተንቆረቆረ ደግሞ 15 ግራም መሙላቱ ቀላል ነው፤ ያ ብቻውን 135 ካሎሪ ነው። ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጠርሙሱን ከማፍሰሱ በፊትና በኋላ በወጥ ቤት ሚዛን ቢመዝን ልዩነቱ መልሱን ይነግረዋል።

የድግሱ ሳህን ላይ ያለው ስሕተት ከዚህ በጣም ይበልጣል። ከነስቡ የተጠበሰው የበግ ስጋ 60 ግራም ፕሮቲንና 50 ግራም ስብ ይዞ 690 ካሎሪ ነው። የድንች ሰላጣው 110 ግራም ድንችና 40 ግራም ማዮኔዝ ቢሆን 366፣ 60 ግራም ዳቦ 154፣ 120 ግራም ክሬም ያለው ኬክ 447፣ ለስላሳው 212፣ ቅቤው 144 ይሆናል። ሩዙ ሲቀር ይህ 2,013 ነው። ጽሑፉ 2,925 ላይ ለመድረስ ለሩዙ ብቻ 912 ካሎሪ መስጠት አለበት፤ 912 ደግሞ 250 ግራም ጥሬ ሩዝ የሚይዘው ነው። ጥሬ ሩዝ በ100 ግራም 365 ካሎሪ አካባቢ አለው። ሲበስል ግን ውኃ ጠጥቶ ክብደቱ ወደ ሦስት እጥፍ ስለሚጠጋ የበሰለው 100 ግራም 130 ገደማ ብቻ ይይዛል። ሳህን ላይ የሚቀመጠው 250 ግራም የበሰለ ሩዝ ከ90 ግራም ጥሬ ሩዝ የተገኘ ነው፤ ካሎሪውም በእኛ ስሌት 317 ነው። ጥሬ ሩዝ ሩብ ኪሎ በአንድ ሳህን የሚያነሳ እንግዳ ቢኖር ሌላ ነገር ነበር።

ስለዚህ ትክክለኛው የድግስ ሳህን 2,330 ካሎሪ አካባቢ ሲሆን ልዩነቱም 2,435 ሳይሆን 1,795 ነው። ሁለቱ ስሕተቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሄዱ፣ አንዱ እራቱን አሳንሶ ሌላው ድግሱን አግንኖ፣ ክፍተቱን በ640 ካሎሪ አስፍተውታል።

የጥሬና የበሰለ መምታታት በስጋ ላይ በተቃራኒው ይሠራል። ስጋ ሲበስል ውኃ ያጣል፤ 200 ግራም ጥሬ የዶሮ ደረት ከመጥበሻ ሲወጣ 150 ግራም ገደማ ይሆናል። ጥሬውን 150 ግራም መዝኖ የበሰለውን ቁጥር የሚወስድ ሰው 46 ግራም ፕሮቲን በላሁ ብሎ ያስባል፤ የበላው ግን 34 ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ቀላል መንገድ በቤት ለተሠራ ድስት አጠቃላዩን ማስላት ነው። ባዶውን ድስት መዝኖ መጻፍ፣ የሚገባውን ሁሉ በጥሬው መዝኖ ካሎሪውን መደመር፣ ሲበስል ከነድስቱ መዝኖ የባዶውን ክብደት መቀነስ፣ ከዚያ ማካፈል። ለምሳሌ 300 ግራም ጥሬ ሩዝ 1,095 ካሎሪ፣ 40 ግራም ቅቤ 288፣ በድምሩ 1,383 ነው። የበሰለው 890 ግራም ከመዘነ እያንዳንዱ ግራም 1.55 ካሎሪ ይይዛል፤ 250 ግራም ያነሳ ሰው 388 በልቷል ማለት ነው።

ሰው ቤት ወይም አዳራሽ ውስጥ ሆኖ ይህን ማድረግ አይቻልም። ወጥ ቤቱ ያልታየ የድግስ ሳህን ላይ በሦስት ምግቦች ውስጥ ያለውን ቅባት እያንዳንዱን በ10 ግራም ስተን ብንገምት ብቻ ስሕተቱ 270 ካሎሪ ይደርሳል። የድግሱን ሳህን «ከ2,000 እስከ 2,600» ብሎ ማሰብ 2,330 ብሎ ከመማል ይሻላል። ከዚህ በታች ነጠላ ቁጥር የምንጠቀመው ሂሳቡን ለመከተል እንዲመች ነው።

ልዩነቱን ማን አመጣው?

እዚህ ላይ ጽሑፉ ከምግቦቹ ስም ይልቅ ማክሮውን፣ ማለትም የፕሮቲን፣ የካርቦሃይድሬትና የስብ መጠኑን፣ ቢያወዳድር ኖሮ መልሱ ራሱ ይወጣ ነበር። እራቱ በጠቅላላው 55 ግራም ፕሮቲን፣ 54 ግራም ካርቦሃይድሬትና 11 ግራም ስብ አለው። የድግሱ ሳህን 79 ግራም ፕሮቲን፣ 238 ግራም ካርቦሃይድሬትና 118 ግራም ስብ አለው። በካሎሪ ሲመነዘር ከ1,795ቱ ልዩነት 963ቱ ከስብ፣ 736ቱ ከካርቦሃይድሬት፣ 96ቱ ብቻ ከፕሮቲን ይመጣል። ከግማሽ በላዩ ስብ ነው። ከካርቦሃይድሬቱም ቢሆን ግማሽ ያህሉ በኬኩና በለስላሳው ውስጥ ያለ ነው፤ ሁለቱ ብቻ 117 ግራም ይይዛሉ፣ ሩዙና ዳቦው አንድ ላይ 99።

ጽሑፉ ያቀረበውን ምክር ደግሞ በቁጥር እንፈትነው። ሩዙን ከነቅቤው፣ ዳቦውን፣ ኬኩንና ለስላሳውን ሁሉ ትቶ ጥብሱንና ሰላጣውን ብቻ የበላ ሰው 690 ሲደመር 366፣ ማለትም 1,056 ካሎሪ ይበላል። ከእራቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያውም ሳህኑ ላይ ያለው 400 ግራም ምግብ ብቻ ነው፤ እራቱ 555 ግራም ነበር። ባነሰ ምግብ እጥፍ ካሎሪ ማለት ነው።

ምክንያቱ ስጋን በአንድ ስም መጥራታችን ላይ ነው። ከዶሮ ደረቱ ካሎሪ አምስት እጁ ተከፍሎ አራቱ ፕሮቲን ነው። ከነስቡ የተጠበሰው በግ ግን ከ690 ካሎሪው 450ው፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው ያህል፣ ስብ ነው። ፕሮቲን አለው፤ ግን በካሎሪ ሲታይ ከፕሮቲን ይልቅ የስብ ምግብ ነው። ሰላጣውም እንደዚሁ። ውስጡ ያለው 110 ግራም ድንች 100 ካሎሪ አይሞላም፤ ቀሪውን 270 የያዘው አርባ ግራም ማዮኔዝ ነው፤ ያ ደግሞ ድንቹን ለበስ ብቻ ያደረገ እንጂ ለብቻው ሳህን ላይ የሚታይ ነገር አይደለም።

ዓይን የሚመዝነው ብዛትን ነው። ለስላሳውን ትተን የድግሱን ምግብ ብንመዝነው 850 ግራም ነው፤ ከእራቱ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ። ካሎሪው ግን አራት እጥፍ ነው። የእራቱ አንድ ግራም በአማካይ አንድ ካሎሪ ሲይዝ የድግሱ ሁለት ተኩል ይይዛል። ይህን የሚያደርገው ውኃ ነው፤ ወይም የውኃ አለመኖር። ቅቅል ድንችና አትክልት አብዛኛው ክብደታቸው ውኃ ነው። ዘይት ውኃ የለውም፣ ቅቤና ማዮኔዝም ያላቸው ጥቂት ነው። ሆድ የሚሰማው ሙላት በብዛትና በፕሮቲን ላይ ብዙ ስለሚመሠረት ሁለቱን ሳህኖች የበሉ ሰዎች የጥጋብ ልዩነታቸው የካሎሪውን ያህል አይሰፋም። በ100 ካሎሪ እራቱ 10 ግራም ፕሮቲን ሲሰጥ የድግሱ ሳህን ከሦስት ተኩል በታች ነው።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ከጽሑፉ የተለየ ነው። ሩዙና ዳቦው ይቆዩ። ከበጉ ነጭ ስቡን ቆርጦ ቀዩን ብቻ የመረጠ ሰው በዚያው 250 ግራም 230 ካሎሪ ያህል ይቀንሳል፣ ፕሮቲኑም ይጨምርለታል። ሰላጣው ላይ ማዮኔዙ ወደ 10 ግራም ቢወርድ 200 ይቀንሳል፤ ሰላጣው ተለውሶ የመጣ ከሆነ ይህ ስለማይቻል መጠኑን ራሱን ማሳነስ ነው። በለስላሳ ፈንታ ውኃ 212፣ የኬኩ ግማሽ ደግሞ 223 ይቀንሳል። ሁሉም ሲደመር ሳህኑ ከ2,330 ወደ 1,460 ገደማ ይወርዳል። ድግስ ነው፤ ግን 870 ካሎሪ ያህል የቀለለ ድግስ። ከአራቱ አንዱን ብቻ የሚመርጥ ሰው ካለ እኛ ለስላሳውን እናስቀድማለን፤ ጥጋብ ሳይጨምር የሚገባው እሱ ነውና።

ሚዛኑ ላይ ስለሚታየው ኪሎ ተኩል

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ያዘለ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ለማጠራቀም 11,550 ካሎሪ ትርፍ ያስፈልጋል። የጽሑፉ የተጋነነው 2,435 ራሱ፣ አንድም ሳይባክን ስብ ቢሆን፣ ከ320 ግራም አይበልጥም። ታዲያ ቀሪው ምንድን ነው?

አንደኛው ምግቡ ራሱ ነው። በድግሱ ማታ ከተለመደው እራት ይልቅ 800 ግራም የሚጠጋ ተጨማሪ ምግብና መጠጥ ገብቷል፤ ጠዋት ላይ ከፊሉ ገና በአንጀት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ግላይኮጅን ነው። ጉበትና ጡንቻ ካርቦሃይድሬትን በዚህ መልክ ያጠራቅማሉ፤ ከእያንዳንዱ ግራም ጋርም ሦስት ግራም ያህል ውኃ አብሮ ይቀመጣል። ለሳምንታት ምግብ ሲቀንስ የቆየ ሰው ጎተራው የጎደለ ስለሆነ ከ184ቱ ግራም ተጨማሪ ካርቦሃይድሬት 150ው ቢጠራቀምለት ከነውኃው 600 ግራም ይሆናል። ሦስተኛው ጨው ነው። የሰውነት ፈሳሽ በሊትር 9 ግራም ከሚጠጋ ጨው ጋር ስለሚመጣጠን ከተለመደው በ5 ግራም የሚበልጥ ጨው የበላ ሰው ኩላሊቱ እስኪያስወግደው ግማሽ ሊትር ውኃ ሊይዝ ይችላል። ሦስቱ አንድ ላይ ኪሎ ተኩሉን በሚገባ ያብራሩታል፤ ለስብ የሚቀረው ድርሻ ትንሽ ነው።

መለየት የሚቻለው በጊዜ ነው። ውኃና የአንጀት ይዘት ወደ ተለመደው አመጋገብ ከተመለሱ በሁለት፣ በሦስት፣ አንዳንዴ በአራት ቀን ይወርዳሉ። ጠዋት ከመጸዳጃ በኋላ ምግብም ውኃም ሳይቀመስ መመዘን፣ የሰባት ቀን አማካይ ይዞ ከቀዳሚው ሳምንት አማካይ ጋር ማወዳደር ነው። በአምስተኛው ቀን ቁጥሩ አሁንም ከፍ ብሎ ከቆየ ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ ድግሱ ሳህን መሆኑ ቀርቶ ከድግሱ በኋላ ስለተበላው ይሆናል። የተረፈ ኬክ ቤት ውስጥ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ እዚህ ላይ ቦታው ነው።

በሳህኖቹ መካከል ያለው ክፍተትና የቀኑ ትርፍ

ጽሑፉ እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ስለቆጠረ ማካካሻውም ተዛብቷል። የሁለት ሳህን ልዩነት አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደሚበልጥ ይነግረናል እንጂ ሰውነት ምን ያህል እንደተረፈው አይነግረንም። ትርፍ የሚለካው ከቀኑ ፍጆታ ነው።

አንድ ሰው በቀን 2,200 ካሎሪ ያወጣል እንበል፤ ክብደት ለመቀነስ 1,700 ይበላል። ቁርስና ምሳው 1,165፣ እራቱ 535። የቀን ጉድለቱ 500፣ የሳምንቱ 3,500 ነው፤ በስብ ሲመነዘር 450 ግራም ያህል። በድግሱ ቀን ቁርስና ምሳውን ሳይለውጥ ማታ 2,330 ቢበላ የቀኑ ድምር 3,495 ይሆናል። ትርፉ 1,295 ነው፤ 170 ግራም ስብ ገደማ። የሳምንቱ ሂሳብ ደግሞ የስድስት ቀን ጉድለት 3,000 ሲቀነስ 1,295፣ ማለትም 1,705 ጉድለት ይቀረዋል። ያ ሰው በዚያ ሳምንት አልወፈረም፤ የመቀነስ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ወርዶ 220 ግራም ያህል ቀነሰ።

አንድ ቀን ሙሉ ምንም አለመብላት በሂሳብ ብቻ ካየነው ይሠራል፤ 1,700ው ሲቀር ጉድለቱ ወደ 3,405 ይመለሳል። ግን በዚያ ቀን ፕሮቲኑም ዜሮ ይሆናል፤ ክብደት በሚቀነስበት ወቅት ጡንቻን ለማቆየት የሚያስፈልገው ደግሞ እሱ ነው። ሁለተኛው ችግር ማታ ላይ ወይም በሦስተኛው ቀን የሚመጣው ረሃብ ነው። የታገሡትን 1,700 በአንድ ቁጭታ መመለስ ከባድ እንዳልሆነ የድግሱ ሳህን ራሱ አሳይቶናል። ኢንሱሊን ወይም አንዳንድ የስኳር በሽታ ኪኒኖች ለሚወስድ ሰው ደግሞ ሙሉ ቀን አለመብላት የደም ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር መሞከር የለበትም።

1,795ቱን በቀሪዎቹ ስድስት ቀናት ማከፋፈል ሌላው መንገድ ነው፤ በቀን 300 ይደርሳል፣ ከ1,700 ወደ 1,400። ለብዙ ሰው ይህም ከባድ ነው። ግማሹን ብቻ፣ በቀን 150 ያህል መቀነስ ይቀላል፤ ፕሮቲኑን ሳይነኩ ከእራቱ ድንች 100 ግራም ቀንሶ፣ ከምሳው ላይ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ተኩል ዘይት መተው ይበቃል። ምንም ሳያካክሱ በማግስቱ ወደ 1,700 መመለስም ይቻላል፤ ዋጋው የግማሽ ሳምንት መዘግየት ነው። ድግሱ በወር አንዴ ከሆነ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።

ሂሳቡ የሚለወጠው ድግሶቹ ሲደጋገሙ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት እንደዚህ ያሉ ምሽቶች ቢገጥሙ የአምስት ቀን ጉድለት 2,500 ሲሆን የሁለቱ ቀን ትርፍ 2,590 ነው፤ ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ 90 ካሎሪ ይተርፋል። በሁለቱም ምሽት ከላይ ያስተካከልነው የ1,460 ሳህን ከተነሳ ግን የእያንዳንዱ ቀን ትርፍ 425 ብቻ ስለሚሆን ሳምንቱ 1,650 ጉድለት ይዞ ያልቃል።